ጥቂት አረንጓዴ ነጥቦች፦ ሻጋታ የጀመረው ዳቦ ቀሪው ይበላልን?

ከዳቦ ቤት በተገዛ ወይም በቤት በተጋገረ ዳቦ ላይ ሁለት ሦስት አረንጓዴ ነጥቦች ሲታዩ፣ በብዙ ቤቶች የሚወሰደው እርምጃ ነጥቦቹን በቢላ ቆርጦ ወይም በጣት ቆንጥሮ ጥሎ የቀረውን መብላት ነው። ከዚህ ልማድ ጀርባ ሁለት ሐሳቦች አሉ፤ አንደኛው ምግብ መጣል ነውርም ኪሳራም ነው የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ዓይን ንጹሕ ሆኖ ያገኘው ክፍል በእርግጥም ንጹሕ ነው የሚለው ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ ሊነቀፍ የሚችል አይደለም፤ ይህ ምዕራፍ የሚመረምረው ሁለተኛውን ነው። በአጭሩ ሲመለስ፣ ይህ ሁለተኛው ሐሳብ እንደ ካሮትና እንደ ጥቅል ጎመን ላሉ ጠንካራ ምግቦች በአብዛኛው ሲሠራ ለዳቦ ግን አይሠራም፤ ምክንያቱም በዳቦ ላይ የሚታየው ነጥብ የሻጋታው ዳርቻ ሳይሆን ሻጋታው ከደረሰባቸው ቦታዎች ለዓይን የተገለጠው ብቻ ነው።

ነጥቡ ከመታየቱ በፊት የሚሆነው

ሻጋታ የፈንገስ ወገን ነው፤ ፈንገስ ደግሞ እንደ ዕፀዋት የራሱን ምግብ ከፀሐይ ብርሃን የማይሠራ፣ ይልቁንም በሚያድግበት ነገር ላይ ፈሳሽ አመንጭቶ ምግቡን ከውጭ ካሟሟ በኋላ የሚመጥጥ ሕይወት ያለው ፍጥረት ነው። እንጉዳይና የዳቦ እርሾም የዚሁ ወገን ናቸው። የሻጋታ ሕይወት የሚጀምረው ስፖር ከሚባለው እጅግ ደቃቅ ዘሩ ነው፤ በዳቦ ላይ የሚበቅሉት የተለመዱት ሻጋታዎች ስፖር መጠኑ ከማነሱ የተነሳ፣ ከሁለት መቶ በላይ የሚሆኑት በአንድ መስመር ቢደረደሩ ርዝመታቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። እንዲህ ያለው ዘር በማንኛውም ቤት አየር ውስጥ፣ በመደርደሪያ አቧራ ላይ፣ በቢላ ስለትና በሰው እጅ ላይ ይገኛል፤ ስለዚህ ዳቦ ከስፖር ጋር የሚገናኝ መሆኑ አያጠራጥርም፤ የሚለያየው የሚያርፍበት ስፖር ብዛትና ለመብቀል የሚያገኘው ሁኔታ ብቻ ነው።

ስፖሩ በቂ እርጥበት ባለው ዳቦ ላይ ሲያርፍ ውኃ መጥጦ ያብጥና ቀጭን ክር ያወጣል። ይህ ክር በሳይንሳዊ ስሙ ሃይፋ ይባላል። ክሩ እየረዘመ፣ እየተከፋፈለና እርስ በርሱ እየተገናኘ ሲሄድ ድር የመሰለ መዋቅር ይፈጥራል፤ የዚህ ድር ስም ማይሲሊየም ነው። ማይሲሊየሙ የሻጋታው ዋናው አካል ሲሆን የዳቦውን ስታርች የሚሰባብረው፣ ስኳሩን የሚመጥጠውና በአንዳንድ ዝርያዎች ዘንድ መርዝ የሚያመነጨው እርሱ ነው። ሆኖም ክሮቹ ቀለም አልባ ወይም ነጣ ያሉ በመሆናቸው በነጭ የስንዴ ዳቦ ላይ ዓይን ሊለያቸው አይችልም።

አረንጓዴው ቀለም የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ድሩ በቂ ምግብ ካከማቸ በኋላ ወደ አየር የሚነሡ አጫጭር ቅርንጫፎችን ያወጣል፤ በጫፋቸውም ላይ አዳዲስ ስፖሮች በሰንሰለት ይደረደራሉ። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ጥቁር መስሎ የሚታየው የእነዚህ ስፖሮች ክምችት ነው። ነጥቡን በአንድ ተክል ፍሬ ብንመስለው፣ ፍሬው ከመታየቱ በፊት ሥሩ ተሰድዶ፣ ግንዱ ቆሞና ቅርንጫፉ ተዘርግቶ እንደሚሆን ሁሉ፣ አረንጓዴው ነጥብም የሚነግረን ሻጋታው መጀመሩን ሳይሆን አንድ ዙር ሕይወቱን ጨርሶ ዘር መበተን መጀመሩን ነው። በአረንጓዴው ነጥብ ዙሪያ ብዙ ጊዜ ቀጭን ነጭ ቀለበት የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቀለበቱ ገና ስፖር ያላፈራው የድሩ ወጣት ጠርዝ ነው። ከቀለበቱ ውጭ ደግሞ ክሮቹ ከመሳሳታቸው የተነሳ ነጭ ሆነው እንኳ የማይታዩበት ሌላ ዳርቻ አለ።

ዳቦ ለሻጋታ የሚመቸው ለምንድን ነው?

ሻጋታው ከምድጃ የሚመጣ አይደለም። በሚገባ የበሰለ ዳቦ ውስጠኛ ክፍሉ ከ93 እስከ 98 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይደርሳል፤ ቅርፊቱ ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል፤ ይህ ሙቀት በሊጡ ውስጥ የነበረውን የሻጋታ ስፖር ለመግደል ይበቃል። ስለዚህ ዳቦው ከምድጃ ሲወጣ ከሻጋታ ነጻ ነው ማለት ይቻላል፤ የሚበከለው ሲቀዘቅዝ፣ ሲቆረጥ፣ በእጅ ሲነካ፣ በጨርቅ ሲሸፈንና በከረጢት ሲገባ ነው። ይህ እውነታ በኋላ ለሚነሣው ጥያቄ ቁልፍ ነው፤ ምክንያቱም ስፖሩ ያረፈው ነጥቡ በታየበት ቦታ ብቻ እንዳልሆነ ያመለክታል።

ዳቦ ሦስት ባሕርያት አሉት፤ ሦስቱም ለሻጋታ ይመቻሉ። አንደኛው እርጥበቱ ነው፤ ቅርፊቱ ደረቅ ቢሆንም ከውስጠኛው ክፍል ክብደት 40 በመቶ የሚጠጋው ውኃ ነው፤ ይህ ውኃ ደግሞ በስኳር ወይም በጨው ብዛት ያልተያዘ በመሆኑ ሻጋታው በቀላሉ ይጠቀምበታል። ማርና ጃም ስኳራቸው ውኃውን አጥብቆ ስለሚይዘው ቶሎ አይሻግቱም፤ ዳቦ ግን ይህ መከላከያ የለውም። ሁለተኛው ባሕርይ ቀዳዳማነቱ ነው፤ እርሾው በሊጡ ውስጥ የፈጠራቸው የአየር ኪሶች ዳቦው ከተጋገረ በኋላ እርስ በርሳቸው የተያያዙ መተላለፊያዎች ሆነው ይቀራሉ፤ ሻጋታም ለማደግ ኦክስጅን ስለሚፈልግ፣ አየር የሞላባቸው እነዚህ መተላለፊያዎች ክሮቹ ወደ ውስጥ እንዲገቡ መንገድ ይከፍቱላቸዋል። ሦስተኛው ልስላሴው ነው፤ ክሩ የሚገታው ጠንካራ ግድግዳ አይገጥመውም።

ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር ቅርፊቱ የዳቦ ብቸኛ ጋሻ ነው። ትኩስ ሳለ ደረቅ ስለሆነ በላዩ ያረፈ ስፖር ለመብቀል ውኃ አያገኝም። ይሁን እንጂ ይህ ጋሻ በሁለት መንገድ ይሰበራል። ዳቦው በቢላ ሲቆረጥ እርጥቡ ውስጥ በቀጥታ ለአየርና ለስለቱ ይጋለጣል፤ በፋብሪካ ተቆራርጦ በላስቲክ የታሸገ ዳቦ ደግሞ እያንዳንዱ ቁራጭ በሁለቱም ወገን የተጋለጠ በመሆኑ ጋሻውን ሙሉ በሙሉ ያጣ ነው። ዳቦው ሳይቀዘቅዝ በላስቲክ ሲገባም፣ ከውስጥ የሚወጣው እንፋሎት በላስቲኩ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ቅርፊቱን ያረጥባል፤ ከዚያ በኋላ ቅርፊቱም እንደ ውስጡ ለሻጋታ የተዘጋጀ ይሆናል።

ቀለሙ ዝርያውን ይነግራልን?

በዳቦ ላይ በብዛት የሚገኙት አረንጓዴና ሰማያዊ አረንጓዴ ሻጋታዎች ፔኒሲሊየም ከሚባለው ወገን ናቸው። ከአስፐርጂለስ ወገን የሆኑትም ይበቅላሉ፤ ከእነዚህ መካከል አስፐርጂለስ ፍላቨስ የተባለው ቢጫማ አረንጓዴ ቀለም አለው። ክላዶስፖሪየም የሚባለው ወደ ጥቁር የሚያደላ ጥቁር አረንጓዴ ሲሆን፣ ራይዞፐስ ደግሞ እንደ ጥጥ ተነሥቶ በላዩ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦችን ያበቅላል። ዝርዝሩ ቀለም አይቶ ዝርያ መለየት የሚቻል ያስመስላል፤ በተግባር ግን አይቻልም። የአንዱ ዝርያ ቀለም እንደ ዕድሜው፣ እንደ እርጥበቱና እንደሚበላው ምግብ ይለዋወጣል፤ የተለያዩ ዝርያዎችም በአንድ ዓይነት አረንጓዴ ይገለጣሉ፤ የላቦራቶሪ ባለሙያም ቢሆን ዝርያውን ለመለየት በልዩ ምግብ ላይ አብቅሎ በማይክሮስኮፕ ማየት ወይም የዘረ መል ምርመራ ማድረግ ይኖርበታል። በኩሽና ያለ ሰው ስለዚህ የትኛው ሻጋታ በዳቦው ላይ እንዳለ አያውቅም፤ ውሳኔውም ይህን አለማወቅ ከግምት ያስገባ መሆን አለበት።

በዚህ ነጥብ ላይ ሁለት የተለመዱ መከራከሪያዎች ይቀርባሉ። የመጀመሪያው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 እ.ኤ.አ. በለንደን ፔኒሲሊንን ያገኘው ከአረንጓዴ ሻጋታ ስለሆነ የዳቦ ሻጋታ መድኃኒት እንጂ ጉዳት የለውም የሚል ነው። የፔኒሲሊየም ወገን ግን በመቶ የሚቆጠሩ ዝርያዎችን የያዘ ሲሆን ፔኒሲሊን የሚሠሩት ጥቂቶቹ ናቸው፤ ሌሎቹ የሚሠሩት ከዚህ የተለየ ነገር ነው፤ አንዳንዱም መርዝ ነው። ፔኒሲሊን የሚሠራ ዝርያ በዳቦው ላይ ቢገኝ እንኳ መጠኑ አይታወቅም፤ ለመድኃኒቱ አለርጂ ያለበትን ሰውም ሊጎዳ ይችላል።

ሁለተኛው መከራከሪያ የበለጠ ክብደት አለው፤ ሰዎች ሻጋታ ያለበትን አይብ ሆን ብለው ይበላሉ የሚል ነው። በእርግጥም በደቡባዊ ፈረንሳይ በሮክፎር መንደር የሚሠራው ሰማያዊ አይብ የሚበስለው ፔኒሲሊየም ሮክፎርቲ በተባለ ሻጋታ ነው፤ በልማዱም ይህ ሻጋታ የሚዘጋጀው በዋሻ ውስጥ በተቀመጠ ዳቦ ላይ አብቅሎ፣ አድርቆና ፈጭቶ ነበር። ይኸው ዝርያ በኩሽና ዳቦ ላይም በብዛት ይገኛል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነው፤ አይብ ሠሪው የሚጠቀምበት ዘር የተመረጠና የታወቀ ሲሆን፣ የሚያድገውም በቅዝቃዜ፣ በጨውና በጥቂት ኦክስጅን ውስጥ ነው። ይህ ዝርያ ሊሠራው የሚችለው ፒ አር ቶክሲን የተባለው መርዝ በአይቡ ውስጥ ሳይቆይ ይፈርሳል። በኩሽና ዳቦ ላይ ግን ዘሩን የመረጠ፣ ሁኔታውን የተቆጣጠረና ሌላ ዝርያ አብሮ እንዳልበቀለ ያረጋገጠ ማንም የለም።

የሻጋታ መርዝ ምን ያህል ያሳስባል?

አንዳንድ ሻጋታዎች የሚያመነጩት መርዝ በጥቅሉ ማይኮቶክሲን ይባላል። ዘመናዊው ሳይንስ በእነዚህ መርዞች ላይ ትኩረቱን ያደረገው በ1960 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ከመቶ ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮ ጫጩቶች ባልታወቀ ምክንያት ካለቁ በኋላ ነበር፤ ምርመራው መኗቸው ውስጥ ወደነበረው፣ ከብራዚል ወደመጣው የለውዝ ፋጉሎ አመራ፤ ከፋጉሎውም አስፐርጂለስ ፍላቨስ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ተገኘ። ዛሬ አፍላቶክሲን በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ዘንድ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡ ነገሮች መደብ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን የሚያጠቃውም በተለይ ጉበትን ነው። ኩላሊትን የሚጎዳው ኦክራቶክሲን ደግሞ ከአንዳንድ የፔኒሲሊየምና የአስፐርጂለስ ዝርያዎች ይገኛል።

ይህ ሲባል ግን ልኩን መጠበቅ ያስፈልጋል። በሰዎች ላይ ከፍተኛ ጉዳት ያደረሰው አፍላቶክሲን በአብዛኛው የሚመጣው በማሳና በጎተራ ከተበላሸ በቆሎና ለውዝ፣ ለረጅም ጊዜ በየዕለቱ ከሚበላ ምግብ ነው። ዳቦ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ ሁሉ መርዝ አይሠራም፤ መርዝ መሥራት የሚችለውም ሁልጊዜ አይሠራም፤ ሙቀቱ፣ እርጥበቱና የቆየበት ጊዜ ይወስነዋል። ሳያይ አንድ ጉርሻ የሻገተ ዳቦ የበላ ጤነኛ ሰው በብዙ አጋጣሚ ከመጥፎ ጣዕሙ በቀር ምንም አይሰማውም፤ የሚሰማው ቢኖርም ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ ወይም የሆድ መረበሽ ነው። ለዚህ ሰው የሚያስፈልገው ቀሪውን መትፋት፣ አፍን መጉመጥመጥና ማስመለሱ ከበረታ ወይም የመተንፈስ ችግር ከመጣ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ለሻጋታ አለርጂ ወይም አስም ያለበት ሰው፣ በበሽታም ሆነ በመድኃኒት የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሕመምተኛ፣ እንዲሁም ገና ጨቅላ የሆነ ሕፃን ግን በዚህ ማጽናኛ ውስጥ አይገቡም፤ ለእነርሱ ሕያው ሻጋታው ራሱ አደጋ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ አንድ ጉርሻ ይህን ያህል የማይጎዳ ከሆነ የሻገተው ዳቦ ለምን ይጣላል? መልሱ መርዙ ካለ የማይታይ፣ ጣዕም የሌለውና በእሳት የማይጠፋ በመሆኑ ላይ ነው። አፍላቶክሲን መፍረስ የሚጀምረው ከ230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲሆን፣ በምጣድ ወይም በመጥበሻ የሚሞቅ የዳቦ ቁራጭ ውስጡ ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ የሻገተን ዳቦ መጥበስ ሕያው ክሮቹን ይገድላል፤ ክሮቹ አስቀድመው ያመነጩትን መርዝ ግን በቦታው ይተወዋል። ማድረቅም እንዲሁ ነው፤ ደረቅ ሻጋታ ማደጉን ያቆማል እንጂ መርዙ አይተንም። ከዚህም ሌላ አንዳንዶቹ መርዞች በዳቦው እርጥበት ውስጥ ሟሙተው ክሩ ከደረሰበት ቦታ አልፈው ሊሄዱ ይችላሉ፤ ስለዚህ የክሩ ዳርቻ ቢታይ እንኳ የመርዙ ዳርቻ ታየ ማለት አይደለም።

አንድ ድፎ ዳቦ በዝርዝር

የተባለው ሁሉ በአንድ ዳቦ ላይ ምን መልክ እንደሚኖረው ለማየት፣ ለበዓል በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ የተጋገረ፣ ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድፎ ዳቦ ይታሰብ። ዳቦው ማታ ከምጣድ ወርዶ ገና ለብ እንዳለ በጨርቅ ከዚያም በላስቲክ ተጠቅልሏል፤ በበዓሉ ጠዋት ተቆርሶ ግማሹ ተበልቷል፤ ግማሹ በዚያው ላስቲክ ውስጥ በክረምት አየር ሙቀት ባለው ኩሽና ቆይቷል። በአምስተኛው ቀን በተቆረሰው ፊት ላይ አንድ፣ በታችኛው ቅርፊት ላይ ሁለት፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሴንቲ ሜትር የሚሰፉ አረንጓዴ ነጥቦች ታይተዋል።

በመጀመሪያው ቀን የሆነው ቅርፊቱ በጤዛ መራሱ ነው። በሁለተኛው ቀን ዳቦው ሲቆረስ ቢላው፣ እጆቹና በዙሪያው ያለው አየር በተቆረሰው ፊት ላይ በርካታ ስፖሮችን አሳርፈዋል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ በአንድ ቀን ውስጥ ክር ማውጣት ይጀምራሉ። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ዳቦው ለዓይን ንጹሕ ነው፤ ድሩ ግን እየተዘረጋ ነው፤ ጠንቃቃ ሰው በዚህ ጊዜ ላስቲኩን ሲፈታ የእርጥብ ጓዳ ሽታ የሚመስል ነገር ሊሸተው ይችላል። በአምስተኛው ቀን ቀድመው የበቀሉት ሦስቱ ስፖር አፍርተው ታይተዋል።

አሁን ነጥቦቹን ቆርጦ ለማዳን የሚፈልግ ሰው ምን ያህል መቁረጥ አለበት? የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ለጠንካራ አይብ የሚሰጠው ምክር በነጥቡ ዙሪያና ከሥሩ ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር መቁረጥ ነው። ይህ ልክ በድፎው ላይ ቢሠራበት እያንዳንዱ ነጥብ 6 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋና 2.5 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ይጠይቃል። አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ በሚወፍር የተቆራረጠ ዳቦ ላይ ደግሞ ልኩ ቁራጩን በስቶ አልፎ ወደሚቀጥሉት ቁራጮች ይገባል። ከሁሉ በላይ ግን፣ ይህ ልክ ለጥቅጥቅ አይብ የተሰጠ ነው፤ አየር በሞላበት ዳቦ ውስጥ ክሩ በዚያ ርቀት እንደሚቆም የሚያረጋግጥ ነገር የለም። ስለዚህም ያው ሚኒስቴር ዳቦና ሌሎች ቀዳዳማ ምግቦች ሻጋታ ከታየባቸው ሙሉ በሙሉ እንዲጣሉ ይመክራል።

ድፎው ወፍራም ስለሆነ ከነጥቦቹ 15 ሴንቲ ሜትር የራቀው ጫፍ ይበላል የሚል ሐሳብ ሊነሣ ይችላል፤ ከአንድ ነጥብ አንጻር ብቻ ከታየ በርቀቱ መጠን ስጋቱ እንደሚቀንስ እውነት ነው። ነገር ግን ሦስቱ ነጥቦች ከአንድ ድር የተነሡ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው ለብቻው ካረፈ ስፖር የበቀሉ ናቸው፤ በሦስት ቦታ ቀድመው የታዩት በሌሎች ቦታዎችም አንድ ሁለት ቀን ዘግይተው የሚታዩ መኖራቸውን ያመለክታሉ። በተጨማሪም ላስቲኩ በተፈታና ዳቦው በተነሣ ቁጥር ከደረሱት ነጥቦች የሚበተነው ስፖር በቀረው ላይ ሁሉ ይወርዳል። እንግዲህ የነጥቦቹ ቁጥር ማነስ የዳቦውን ንጽሕና አያሳይም፤ የሚያሳየው የሻጋታውን መዘርጋት ገና በመጀመሪያው የሚታይ ደረጃ ላይ ሳለ ዓይን እንደደረሰበት ነው።

መለየት የሚቻልበትና የማይቻልበት

ጥቅል ጎመንና ካሮት ከዳቦ የሚለዩት ጥቅጥቅ ያሉና ውስጣቸው ለክሩ መንገድ የማይከፍት በመሆናቸው ነው፤ ለእነርሱ ቢላው ሻጋታውን ሳይነካ 2.5 ሴንቲ ሜትር ርቆ መቁረጥ ይበቃል። እንጀራ ከዚህ በተቃራኒ ከዳቦም ይብሳል፤ ስስ፣ ዓይን የበዛበትና እጅግ እርጥብ በመሆኑ በላይኛው እንጀራ ላይ የታየው ነጥብ ከሥሩ ወዳለው ለመተላለፍ ምንም አያግደውም። አሲዳማነቱ ባክቴሪያን ሲገታ ሻጋታን ግን አያስቆምም፤ በቤት ሙቀት ከሦስትና ከአራት ቀን በላይ የማይቆየውም ለዚህ ነው።

ከዳቦ ወገን አንድ መጠነኛ ልዩነት የሚደረግለት፣ ለየብቻው የተጋገረና ቅርፊቱ ያልተቆረጠ ትንንሽ ዳቦ ነው። ከአሥር ዳቦ አንዱ ሻግቶ ቢገኝ፣ የሻገተውና ከእርሱ ጋር ተጣብቀው የነበሩት ይጣላሉ፤ ተለይተው የነበሩ፣ ቅርፊታቸው ደረቅ የሆነና ከሁሉም ወገን ሲታዩ ምንም ምልክት የሌለባቸው ግን በዚያው ቀን ሊበሉ ይችላሉ። በአንድ ላስቲክ ውስጥ በእርጥበት አብረው የከረሙ ከሆነ ይህ ልዩነት ይቀራል። በቅርፊት ላይ የሚታይ ነጭ ነገር ሁሉም ሻጋታ አይደለም፤ ሲጋገር የተነሰነሰ ዱቄት በጣት ሲጠረግ በንኖ የሚጠፋ ሲሆን፣ ሻጋታ ግን ይቀባል፣ ጸጉር መሰል ነው፣ በማግስቱም ሰፍቶ ይገኛል። ለመለየት ሲባል ዳቦውን ወደ አፍንጫ አስጠግቶ መማግ አይገባም፤ ከደረቀ ሻጋታ የሚነሣው ስፖር በቀጥታ ወደ ሳንባ ይገባል።

የሻገተውን ዳቦ ለከብት ወይም ለውሻ መስጠትም ችግሩን ወደ ሌላ ያዛውራል እንጂ አያስወግድም። ከዳቦ ሻጋታዎች አንዳንዶቹ የሚሠሩት መርዝ ውሻን እስከ ማንቀጥቀጥ ያደርሳል፤ የምትታለብ ላም የበላችው አፍላቶክሲን ደግሞ መልኩን ለውጦ በወተቷ ይወጣል። የሻገተውን በላስቲክ ጠቅልሎ መጣል፣ የተቀመጠበትን ዕቃና ቢላውን በሙቅ ውኃና በሳሙና አጥቦ ማድረቅ፣ የተጠቀለለበትን ጨርቅ ማፍላት፣ በአጠገቡ የነበሩትን ምግቦችም መመርመር ይገባል።

ከመሻገቱ በፊት የሚደረገው

ምግብ መጣል ነውር ነው የሚለው ሐሳብ ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ዳቦን ማዳን የሚቻለው ነጥቡ ከመታየቱ በፊት ባሉት ቀናት ነውና። ዳቦው ከውስጥ ጭምር ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ንጹሕ ጨርቅ ብቻ አልብሶ ማቆየት፣ ለአንድ ቀን የሚበቃውን ብቻ መቁረስ፣ ቢላውን ከመቁረስ በፊት አጥቦ ማድረቅ ሻጋታው የሚያገኛቸውን እርጥበትና ስፖር ይቀንሳሉ። በእርሾ ረዘም ላለ ሰዓት የቦካ ሊጥ አሲዱ ስለሚበዛ ዳቦው ቶሎ ከቦካው ትንሽ ይዘገያል፤ ፋብሪካዎች የሚጨምሩት ካልሲየም ፕሮፒዮኔት የተባለው መከላከያም ይህንኑ ያደርጋል፤ ሆኖም ሁለቱም ሻጋታውን ያዘገዩታል እንጂ አያስቀሩትም፤ ቀደም ብሎ የተጠቀሰው ፔኒሲሊየም ሮክፎርቲ እነዚህን አሲዶች ከሌሎቹ በተሻለ የሚቋቋም ነው።

ፍሪጅ ሻጋታን ያዘገያል፤ በአንጻሩ በዚያ ቅዝቃዜ የዳቦው ስታርች ቶሎ ስለሚጠጥር ዳቦው በቤት ሙቀት ከተቀመጠው ይልቅ ፈጥኖ ይደርቃል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ፍሪዘር ውስጥ ግን ሻጋታው ጨርሶ አያድግም፤ የመጠጠሩ ሂደትም ይቆማል፤ ስለዚህ ከድፎው ግማሹ በበዓሉ ዕለት ተቆራርጦ ፍሪዘር ቢገባ ኖሮ ከሳምንታት በኋላ በምጣድ ሞቆ ሊበላ ይችል ነበር። ፍሪዘር በሌለበት ቤት ተመሳሳዩን ሥራ የሚሠራው ድርቆሽ ነው፤ ገና ጤነኛ ሳለ በስሱ ተቆርጦ ፀሐይ ላይ ወይም በምጣድ በሚገባ የደረቀ ዳቦም ሆነ እንጀራ፣ ሻጋታው ለመብቀል የሚፈልገውን ውኃ አጥቷልና እርጥበት እስካልነካው ድረስ አይሻግትም። ይህ ዘዴ የሚሠራው ግን ዳቦው ሳይሻግት ከተጀመረ ብቻ ነው፤ አረንጓዴ ነጥብ የታየበትን ዳቦ ማድረቅ፣ መጥበስ ወይም ነጥቡን መቁረጥ የሚለውጡት መልኩን ሲሆን፣ በውስጡ የተዘረጋውን ድርና ድሩ የተወውን መርዝ አያስወግዱም። ለቀሪው ዳቦ የሚሰጠው መልስም ስለዚህ አንድ ነው፤ ለመብላት አስተማማኝ አይደለምና ይጣል።